«ስንት?» ስለሚል ጥያቄ፤ በኤኮኖሚ ጽሑፍ ውስጥ «ብዙ»፥ «አንዳንድ» እና «ጉልህ» ስለሚባሉት ቃላት

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል የአገራችን ሰው። እህል ገበያ የወጣች እናት ነጋዴውን «ብዙ ጤፍ ስጠኝ» አትለውም። ስንት ቁና እንደምትፈልግ ትናገራለች፥ ሲሰፈርም ዓይኗን ከቁናው ላይ አትነቅልም። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ብዕር በያዝን ጊዜ ይህን የገበያ ጥበብ እንረሳዋለን። «ብዙ ሰዎች»፥ «አንዳንድ ቤተሰቦች»፥ «ጉልህ ለውጥ» እያልን ያለ ቁና እንሰፍራለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር እንዲህ ነው። እኛ በአስኮ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስንሆን አንዱ ኤኮኖሚ ይማራል። በአንድ ምሽት የኤኮኖሚው ተማሪ ለመመረቂያ የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ከመምህሩ ተመልሶለት፥ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የውጤቱ አንቀጽ ባለበት ገጽ ዳር በቀይ ቀለም አራት ጊዜ «ስንት?» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ሌላ አንድም አስተያየት የለም። መጀመሪያ ሣቅን፤ ኋላ ግን አንቀጹን አብረን ስናነበው ሣቁ ቀረ። መምህሩ የጠየቁት ቁጥር እንዲጨመር ብቻ አልነበረምና። ከአራቱ «ስንት?» አንዱ ሲመለስ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እነሆ በዚያ ምሽት የሠራነውን ለጓደኞቻችን እናካፍላለን።

አንቀጹ የሚከተለው ነበር፦

«ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ድህነት በከፍተኛ ሁኔታ ቀንሷል። በከተማ ብዙ ሰዎች ከድህነት ሲወጡ በገጠር ግን የወጡት አንዳንዶች ብቻ ናቸው። የገቢ ልዩነትም ጥቂት ጨምሯል። በአጠቃላይ ለውጡ ጉልህ ነው።»

ሲነበብ ያማረ ይመስላል። ሆኖም አንባቢ ሆይ፥ አንቀጹን ዘግተህ «አሁን ምን ዐወቅሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። «በከፍተኛ ሁኔታ» የሚለውን አንዱ ግማሽ ያህል ነው ብሎ ይረዳዋል፥ ሌላው ዐሥር እጅ ይለዋል። ጸሐፊው ሁለቱንም አልተናገረም፥ ሁለቱንም አልካደም። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ምኞት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር

ቁጥሮቹ የተገኙት የዚያን ጊዜው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ካካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። በዚህ ጥናት መሠረት ከድህነት መስመር በታች የነበረው ሕዝብ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 29.6 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 23.5 ሆነ። «በከፍተኛ ሁኔታ» የሚለውን አውጥቶ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማስገባት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ልዩነቱን ስንናገር ነው።

ጓደኛችን ወዲያው «ድህነት በ6.1 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ጻፈ። ይህ ስሕተት ነው። የ29.6 ስድስት ነጥብ አንድ በመቶ 1.8 ገደማ ነው፤ ከ29.6 ላይ ቢነሣ 27.8 ይቀራል እንጂ 23.5 አይሆንም። ከ29.6 ላይ 23.5 ሲቀነስ የሚገኘው 6.1 የመቶኛ ነጥብ ይባላል። ቅነሳው ከመነሻው ጋር ሲመዛዘን ደግሞ 6.1 ለ29.6 ተካፍሎ 20.6 በመቶ፥ ማለት አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ይኸው አንድ ለውጥ «6 ነጥብ» ተብሎ ትንሽ፥ «20 በመቶ» ተብሎ ትልቅ ሊመስል ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለአንባቢው ታማኝ የሚሆነው መነሻውንና መድረሻውን አስቀድሞ የሚሰጥ ጸሐፊ ነው፤ አንባቢው ከዚያ በኋላ የፈለገውን ስሌት ራሱ ይሠራልና። በአማርኛ «በመቶ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸከም፥ «ነጥብ» የሚለውን መጨመር እንዳንረሳ ያስፈልጋል።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደበቀ ሌላም ለስላሳ ቃል አለ፤ እርሱም «ድህነት» ራሱ ነው። የመንግሥቱ ስሌት ድሀ የሚለው የዓመት ፍጆታው ከተወሰነ ገንዘብ በታች የሆነውን ሰው ነው። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ልጆች በዕድሜያቸው መጠን የአዋቂ ክፍልፋይ ሆነው ይቈጠራሉ። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ብር አይሞላም። ይህን አንድ ሐረግ ብንጨምር፥ አንባቢው «23.5» ሲል ምን ዐይነት ኑሮ እንደ ተቈጠረና ምን ዐይነት ኑሮ ከቊጥር ውጭ እንደ ቀረ ይገባዋል። በቀን 21 ብር የሚያጠፋ አንድ አዋቂ በዚህ ስሌት ድሀ አልነበረም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር

ሐሰት ሆኖ የተገኘው ይህ ነው። በከተማ የድሆች ድርሻ ከ25.7 ወደ 14.8 ወረደ፤ ቅነሳው 10.9 ነጥብ ነው። በገጠር ከ30.4 ወደ 25.6 ወረደ፤ ቅነሳው 4.8 ነጥብ ነው። ጓደኛችን እነዚህን ተመልክቶ የከተማው ይበልጣልና «በከተማ ብዙ፥ በገጠር አንዳንዶች» አለ። ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ይታያል። ነገር ግን «ብዙ ሰዎች» የሚለው ቃል ስለ ድርሻ ሳይሆን ስለ ራስ ቍጥር ይናገራል።

በዚያን ጊዜ ከአምስት ኢትዮጵያውያን አራቱ ያህል በገጠር ይኖሩ ነበር። እስቲ መቶ ሰው እናስብ፤ 80 በገጠር፥ 20 በከተማ። ከገጠሮቹ 80 ሰዎች ላይ የ4.8 ነጥብ ቅነሳ 3.8 ሰው ነው። ከከተሞቹ 20 ሰዎች ላይ የ10.9 ነጥብ ቅነሳ 2.2 ሰው ነው። ስለዚህ በራስ ቍጥር ከታየ ከጠቅላላው ቅነሳ የሚበልጠው የተገኘው ከገጠር ነው! ሁለቱ ሲደመሩ 6.0 ይሆናሉ፤ ይህም ከአገሪቱ ከ6.1 ጋር የሚስማማ ስለሆነ ስሌታችን እንዳልሳተ ይመሰክራል። የከተማና የገጠር ድርሻ በአምስቱ ዓመት ጥቂት ስለ ተለዋወጠ ፍጹም እኩል እንዲሆን አንጠብቅም።

እንግዲህ «ብዙ» እና «አንዳንድ» የሚሉት ሁለት ቃላት ያጠፉት ጥፋት ትንሽ አይደለም። ፍጥነቱ በከተማ ይበልጥ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ብዛቱ ግን በገጠር ይበልጥ ነበር። ያንን አንቀጽ አንብቦ «በገጠር የተደረገው ነገር ፍሬ አላፈራም» ብሎ የሚደመድም ባለ ሥልጣን ቢኖር፥ ያሳሳተው የቁጥሩ ሰንጠረዥ አልነበረም፥ የጓደኛችን «አንዳንዶች» እንጂ። ትክክለኛ ቃል መፈለግ ጽሑፍን ማስጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ሌላ ነገርም አለ። «ከድህነት ወጡ» ማለት አንድን ሰው በ2003 ድሀ ሆኖ አይተነው፥ በ2008 ያንኑ ሰው ከመስመሩ በላይ አገኘነው ማለት ነው። ጥናቱ ግን በሁለቱ ጊዜያት የጠየቀው ያንኑ ቤተሰብ አልነበረም፤ በየጊዜው ሌላ ናሙና ተወስዷል። ስለዚህ ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ወደቀ አይነግረንም። የሚነግረን የድሆች ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ነው። ዐሥር ሰዎች ወጥተው አራት ቢወድቁም፥ ስድስት ወጥተው ማንም ባይወድቅም በሰንጠረዡ ላይ የሚታየው አንድ ነው። «ወጡ» የሚለውን «ድርሻው ወረደ» ብሎ መለወጥ ይህን ያድናል።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር

«የገቢ ልዩነት ጥቂት ጨምሯል»። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አረምን። ጥናቱ የለካው ሰዎች የሚያጠፉትንና የሚበሉትን ነው፤ ገቢን አይደለም። ባለጠጋ ሰው ከገቢው ከፊሉን ስለሚያስቀምጥ የፍጆታ ልዩነት ከገቢ ልዩነት ያንሳል። ስለዚህ «የፍጆታ ልዩነት» መባል አለበት። ሁለተኛው ደግሞ «ጥቂት» የሚለው ነው። የልዩነት መለኪያ የሆነው የጂኒ ቍጥር፥ ሁሉ እኩል ሲሆን 0፥ አንድ ሰው ሁሉን ሲወስድ 1 ይሆናል። በኢትዮጵያ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ አለ። «በ0.03 ጨመረ» ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ከመነሻው ጋር ሲመዛዘን ግን አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ የሚለውን ክርክር ለውይይት ክፍል እንተወውና በውጤቱ ክፍል ሁለቱን ቍጥሮች እናስቀምጥ።

አራተኛው ዓረፍተ ነገር፤ «ጉልህ»

ከሁሉ ያከራከረን ይህ ቃል ነው፤ ሦስታችን ሦስት ትርጕም ይዘን ተገኘን። የታሪኩ ተማሪ «አስፈላጊ» ማለት ነው አለ። የቋንቋው ተማሪ «ትልቅ» ነው አለ። የኤኮኖሚው ተማሪ ደግሞ «ልዩነቱ በናሙና ዕድል ብቻ እንዲህ ሊሆን አይመስልም ማለት ነው» ሲል ተከራከረ። እንደ ሳይንሱ ትክክሉ የእርሱ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚይዝ ማን ያውቃል?

ይህን ለማየት ከአስኮ አንድ ምሳሌ አዘጋጀን። ሳይመን ፍራንክሊን የተባለ የኤኮኖሚ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባሳተመው ጥናት፥ በአዲስ አበባ ከመኻል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ በዕጣ ሰጥቶ ውጤቱን ተከታትሏል። ከአስኮ እስከ መኻል ከተማ በየቀኑ ተመላልሶ ማስታወቂያ ማንበብ ኪስ እንዴት እንደሚያራቁት ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ቍጥሮች ግን ከዚያ ጥናት የተወሰዱ አይደሉም፤ ለልምምድ ብቻ እኛው ያስቀመጥናቸው ናቸው።

200 የአስኮ ወጣቶች የአውቶቡስ ገንዘብ ተሰጣቸው፥ 200 ደግሞ አልተሰጣቸውም እንበል። ከአራት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 80፥ ከሁለተኞቹ 60 ሥራ አገኙ። ድርሻው 40 እና 30 በመቶ፥ ልዩነቱ 10 ነጥብ ነው። የልዩነቱ መደበኛ ስሕተት እንዲህ ይሰላል፦

√(0.40×0.60÷200 + 0.30×0.70÷200) = 0.047

ማለት 4.7 ነጥብ ነው። ይህን በ1.96 ስናባዛ 9.3 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ክልሉ ከ0.7 እስከ 19.3 ነጥብ ይዘረጋል። ዜሮ በክልሉ ውስጥ ስለሌለ ውጤቱ «ጉልህ» ይባላል።

አሁን ደግሞ በየወገኑ 20,000 ወጣቶች ቢሆኑና ድርሻቸው 31 እና 30 በመቶ ቢሆን፥ ልዩነቱ 1 ነጥብ፥ መደበኛ ስሕተቱ 0.46 ነጥብ ነው። ክልሉ ከ0.1 እስከ 1.9 ነጥብ ይሆናል። ይህም ዜሮን ስለማይነካ «ጉልህ» ይባላል።

እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ። አንደኛው ምናልባት የብዙ ወጣቶችን ኑሮ የሚለውጥ፥ ምናልባትም ከምንም የማይሻል ነው፤ በእርግጥ አናውቅም። ሁለተኛው ትንሽ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው። «የአውቶቡስ ገንዘቡ ጉልህ ውጤት አሳየ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም እኩል ይሠራል። ለሁለቱም የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ስለ ሁለቱም አንዳች አልነገረንም።

ተቃራኒውም ወጥመድ አለ። በየወገኑ 20 ወጣቶች ብቻ ቢሆኑና 8 እና 6 ሥራ ቢያገኙ፥ ልዩነቱ አሁንም 10 ነጥብ ነው። ክልሉ ግን ከ19 ነጥብ መቀነስ እስከ 39 ነጥብ መጨመር ይደርሳል። ይህን «ጉልህ ውጤት የለም» ብሎ መጻፍ አንባቢውን «ገንዘቡ አይጠቅምም» ወደሚል ሐሳብ ይወስደዋል። ትክክለኛው ቃል «በ40 ሰዎች ብቻ መጥቀሙንም መጉዳቱንም መለየት አልቻልንም» የሚል ነው።

ስለዚህ ደንብ አወጣን። «ጉልህ» የሚለውን ስንሰርዝ በቦታው ሦስት ነገር እናስገባለን፤ ልዩነቱን ከነመለኪያው፥ ክልሉን፥ የናሙናውን ብዛት። ጓደኛችን ወደ አንቀጹ ሲመለስ በድህነቱ ቍጥር ላይ ምንም ፈተና እንዳላደረገ አመነ። «ጉልህ» የሚለውን የጻፈው መደምደሚያ ስለሚያሳምር ብቻ ነበር። እንዲህ ሲሆን መድኀኒቱ አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን መሰረዝ።

የታረመው አንቀጽ

«ከዓመት ፍጆታው አንጻር ከድህነት መስመር (በ2008 ዓ.ም. ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር) በታች የነበረው ሕዝብ ድርሻ በ2003 ዓ.ም. ከነበረበት 29.6 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወረደ፤ ቅነሳው 6.1 ነጥብ ነው። በከተማ ድርሻው ከ25.7 ወደ 14.8፥ በገጠር ከ30.4 ወደ 25.6 በመቶ ወረደ። በከተማ ቅነሳው የፈጠነ ቢሆንም፥ ከአምስት ሰው አራቱ ያህል በገጠር ስለሚኖር፥ ከአገሪቱ ቅነሳ ሦስት አምስተኛ ያህሉ የገጠር ነው። የፍጆታ ልዩነት የጂኒ መለኪያ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል።»

አንቀጹ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ነገር ግን አንድ ቃል እንኳ የሚያከራክር የለበትም። «ሦስት አምስተኛ ያህሉ» ያልነው 3.8 ለ6.0 ሲካፈል 0.63 ስለሚሆን ነው። «63.3 በመቶ» አላልንም፤ ምክንያቱም «ከአምስት አራቱ ያህል» በሚል ግምት የጀመረ ስሌት እስከ ነጥብ ድረስ ሊታመን አይችልም። ከሚታወቀው በላይ መቍጠር ራሱ የ«ብዙ» ወንድም ነው፤ ያኛው ባለማወቅ፥ ይኸኛው ዐወቅሁ በማለት ያሳስታል።

በዚህ ምክንያት ለስላሳ ቃላትን ሁሉ ከጽሑፍ እናባርር አንልም። አስኮ ገብርኤል አጠገብ 12 ጉሊት ሻጮችን አነጋገርን፥ 7ቱ ዕቁብ እንደሚጥሉ ነገሩን እንበል። «አብዛኞቹ ሻጮች» ማለት ስለ አስኮ ሻጮች ሁሉ መናገር ይሆናል። «58.3 በመቶ» ማለት ደግሞ 12ቱን ሰዎች አንድ ሺህ ማስመሰል ነው። «ካነጋገርናቸው 12 ሻጮች 7ቱ» ማለት ብቻ በቂ ነው፤ ቃሉ ቀላል፥ መጠኑም እውነት ነው። ከ12ቱ ሁለቱ ሳይመልሱ ቀርተው ከሆነ ደግሞ «ከመለሱልን 10 ሻጮች 7ቱ» እንላለን፤ ዝም ያሉትን «አይጥሉም» ብሎ መቍጠር የእኛ ሥልጣን አይደለምና። መግቢያ ላይ «በአዲስ አበባ ብዙ ሰዎች ዕቁብ ይጥላሉ» ብንል ግን ማንም አይከሰንም፤ እዚያ ነገሩን ማስተዋወቅ እንጂ መመስከር አልያዝንምና። ምስክርነቱ ያለው በውጤቱ ክፍል ነው።

ጓደኛችን የታረመውን ጽሑፍ ይዞ በማግስቱ ጧት ከአስኮ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከሳምንት በኋላ ሲመለስለት በዳር አንድ «ስንት?» ብቻ ነበረበት፤ በሌላ ገጽ፥ «አንዳንድ ጸሐፊዎች» በሚለው ላይ። ቈጥረን ሁለት ሆነው አገኘናቸው።